ስክሪኑን ለብቻ፣ ስልኩን ለብቻ

ጥያቄ፦ «ለዌብሳይታችን የፊት ገጽ አፑን የሚያሳይ የስልክ ፎቶ ሳነሳ፣ ስክሪኑ ላይ መስኮቱና እኔው ራሴ እንታያለን። አፑ ላይ ያለው ጽሑፍም ዝም ብሎ የተሞላ ነው። ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ እኔም ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምሠራው። አንተም እንደኔ መስኮት ዳር ጠረጴዛ ላይ እንደምታነሳ ገምቼ ልንገርህ።

1. ስልኩን አጥፍተህ አንሳው። የጠፋ ስክሪን ጥቁር መስታወት ነው። በካሜራው ቦታ ሆነህ ምን እንደሚታይበት እይ። እኔ ጋ የሚታየው የጎረቤት አዲስ ቆርቆሮ ነበር። ብርሃን መቀነስ አይፈታውም፤ የሚታየውን ነገር ራሱን በጥቁር ጨርቅ ጋርደው። ብርሃኑ በነጭ መጋረጃ ተጣርቶ ከጎን ይግባ። ራቅ ብለህ በዙም አንሳ፤ ያኔ መጋረድ ያለብህ ቦታ ይጠባል።

2. ከዚያው ስልክ ስክሪንሾት ውሰድ። በርቶ ያለ ስክሪን በካሜራ ብታነሳ መስመር መስመር ይሠራብሃል። ስክሪንሾቱን ፎቶሾፕ ላይ Smart Object አድርግና በ Distort አራቱን ማዕዘን አጋጥም። አሁን ስቲከር ይመስላል፣ አይደል? ነጩ ከመጠን በላይ ስለነጣ ነው። ትንሽ አደብዝዘው። ከዚያ ከመጀመሪያው ፎቶ የስክሪኑን ክፍል ብቻ ቀድተህ ከላይ አድርግና ሞዱን Screen በለው። ጥቁሩ ይጠፋል፣ ስስ ነጸብራቁ ይቀራል። ያቺ ነጸብራቅ ናት እውነተኛ የምታስመስለው፤ ሙልጭ አድርገህ አታጥፋት።

3. ጽሑፉ። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት። አንድ አትክልት በትዕዛዝ የሚያደርስ ቢሮ ሥራ ሰጠኝ። እውነተኛ ትዕዛዝ ላኩልኝ ብል ኃላፊው «ማን ያነበዋል?» አለኝ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ። በቴሌግራም የላኩት ይኸው፦ ሽንኩርት 2 ኪሎ 180 ብር፣ ቲማቲም 3 ኪሎ 180 ብር፣ ማድረሻ 100 ብር፣ ድምር 640። ደምረው እስቲ፤ 460 ነው። ይባስ ብሎ ከላይ የስልኩ ሰዓት 10:20 ይላል፣ ትዕዛዙ ደግሞ «ጠዋት 4:50 ደርሷል»። በእኛ አቆጣጠር 10:20 ማለት 4:20 ነው። ሽንኩርቱ ገና ሊደርስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ደርሷል ማለት ነው! ሁለቱንም ጽፌ ነገርኳቸው። «አንተ ፎቶህን አንሳ» አሉኝ።

ፎቶው ወጣ፣ ደንበኞቻቸው ሳቁባቸው፣ ቀሪው ክፍያዬ ተያዘ። መልእክቱን አሳይቼ፣ ደጅ ጠንቼ ነው የተቀበልኩት። ፎቶው ግን ቆንጆ ነበር፤ ነጸብራቁን ማንም አላማረረም።

ስለዚህ ጽሑፉን አለቃህ በጽሑፍ ሳያጸድቅልህ ስክሪንሾት አትውሰድ። ድምሩን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን አንተው አስላ። ከላይ ያለውን የባትሪና የኖቲፊኬሽን ዝርክርክም አጽዳ፤ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ Developer options ውስጥ System UI demo mode የሚል አለ፣ እሱ ያስተካክልልሃል።