“ምርጥ ቦርሳ” ከማለታችሁ በፊት ሜትር አንሡ

ልጆች፣ ትንሽ የኦንላይን ሱቅ ከፍታችሁ የእቃ መግለጫ ለምትጽፉ ነው ይህን የምጽፈው። ብዙ ዓመት ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ። ሰሞኑን አንዲት ወጣት የጻፈችውን እንዳይላት ላከችልኝ። እንዲህ ይላል፦ “እጅግ ጥራት ያለው፣ ውብና ዘመናዊ የቆዳ ቦርሳ። ለሥራም ለመዝናኛም የሚሆን፣ የሚያዩት ሁሉ የሚያደንቁት።” ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቦርሳው ትልቅ ይሁን ትንሽ አላወቅኩም። ምን እንደሚይዝ፣ ምን ያህል እንደሚከብድ፣ ዝናብ ቢመታው ምን እንደሚሆንም አላወቅኩም።

እሷ ሰነፍ አይደለችም። ቃላቱን መርጣለች፣ ደክማባቸዋለች። ችግሩ የጻፈችው ቦርሳውን ሳታገኘው፣ አቅራቢው የላከላትን ፎቶ እያየች መሆኑ ነው። ከፎቶ ላይ ደግሞ ከሙገሳ ሌላ ብዙ የሚጻፍ ነገር አይገኝም።

እኔም በዚሁ ዓይነት ቦርሳ ነው የተማርኩት። ሰፊ የትከሻ ቦርሳ ነበር፤ ዚፑ ከላይ፣ ገበሩ ጥጥ። ያኔ ቦርሳው እጄ ላይ ነበር፤ ሜትርም ነበረኝ። ከጎን እስከ ጎን ለካሁት፣ 38 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የብዙ ሰው ላፕቶፕ 15.6 ኢንች ነው፤ እንደዚያ ያለ አንድ ላፕቶፕ ስለካ ወርዱ 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወጣ። 36 ከ38 ያንሳል ብዬ “ላፕቶፕዎን በምቾት ይይዛል” ብዬ ጻፍኩ። ከተሸጡት የመጀመሪያዎቹ አሥር ቦርሳዎች ሦስቱ ተመለሱ። ሦስቱም ሰዎች የጻፉልኝ አንድ ነገር ነው፦ አልገባም።

የተመለሰውን አንዱን ከፍቼ እንደገና ለካሁት። የጎኑ ስፌትና የቆዳው ውፍረት ከየጎኑ አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይበላሉ። ስለዚህ ውስጡ 36 ብቻ ነው። ይህም አልነበረም ዋናው። ዚፑ እስከ ጥግ ድረስ አይከፈትም፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቆዳው ተሰፍቶ ይዞታል። አፉ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ 34 ሴንቲ ሜትር ነው። ላፕቶፑን በቁመቱ እናስገባው ብንል እንኳ የቦርሳው ቁመት 28 ነው፤ ዚፑ አይዘጋም። እኔ የለካሁት ዓይን የሚያየውን ነበር፤ ገዢው የሚፈልገው እጁ የሚገባበትን ነው።

ከዚያ ወዲህ ለቦርሳም፣ ለሳጥንም፣ ለመሳቢያም፣ ነገር ለሚይዝ እቃ ሁሉ ሦስት ልክ እወስዳለሁ። የውጪውን፣ የውስጡንና የአፉን። ገዢውን የሚያስቀይመው አብዛኛውን ጊዜ ሦስተኛው ነው፤ ሰው ግን የሚረሳውም እሱኑ ነው።

ኢንቹም ራሱ ሰው ያሳስታል። የላፕቶፕ ኢንች የስክሪኑ ሰያፍ ልክ ነው፤ ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ። ዙሪያውን ያለው ጠርዝ አይቆጠርበትም። ስለዚህ ሁለቱም 15.6 ኢንች የሆኑ ላፕቶፖች አንዱ ከሌላው በወርድ ሊበልጥ ይችላል፣ በተለይ አሮጌዎቹ ጠርዛቸው ሰፊ ነው። “እስከ 15 ኢንች ይይዛል” ብሎ መጻፍ ለእናንተ ቀላል ነው፤ ለገዢው ግን ግምት ነው። በሴንቲ ሜትር ጻፉለትና ላፕቶፑን ራሱ ይለካ።

አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ የተሰፋ እቃ ሁሉም እኩል አይወጣም። አንዱን ለክታችሁ የእሱን ቁጥር በሁሉም ላይ አትለጥፉ። እኔ ከአንድ ጭነት ውስጥ አምስት አወጣለሁ። የዚያን ቦርሳ አፍ ስለካ ሁለቱ 34፣ አንዱ 34.5፣ ሁለቱ ደግሞ 33.5 ሆኑ። የትኛውን ልጻፍ? ነገር የሚገባበት ቀዳዳ ከሆነ ትንሹን። ገዢው የትኛው እንደሚደርሰው አያውቅም፣ እናንተም አታውቁም። ከዚያ ላይ ለላፕቶፑ ውፍረትና ለእጅ ትንሽ ቦታ ስለሚያስፈልግ አንድ ተኩል ሴንቲ ሜትር ቀነስኩ። 32 ላይ አቆምኩ።

አሁን ወደ ቃላቱ። “ጠንካራ” የሚለውን ቃል አትጠሉት፤ ጠይቁት። ምኑ ነው ጠንካራ? ማንገቻው ነው? ታዲያ እንዴት ተሰፋ? ማንገቻው ከቦርሳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ገልብጣችሁ እዩ። አንድ መስመር ስፌት ብቻ ነው? ወይስ አራት ማዕዘን ተሰፍቶ መሀሉ ላይ ደግሞ በመስቀል ተሰፍቷል? ሁለተኛው ክብደቱን ለብዙ ስፌት ያካፍላል። ያንን ጻፉ። ቀጥሎ ሞክሩት። እኔ መጻሕፍት በሚዛን እየመዘንኩ 6 ኪሎ ሞላሁበትና ለሁለት ሳምንት ሰቀልኩት። ስፌቱ አልተላቀቀም፤ ማንገቻው ግን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ረዘመ። ሁለቱንም ጻፍኩ። “6 ኪሎ ጭነን ሁለት ሳምንት ሰቅለነዋል” የሚል ሰው የሠራውን ነው የሚናገረው። “ዕድሜ ልክ ያገለግላል” የሚል ሰው ግን ምን አይቶ ነው?

“እውነተኛ ቆዳ” የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችሁ ይህን ስትጽፉ ትልቅ ነገር የተናገራችሁ ይመስላችኋል። ቆዳ ሲዘጋጅ ብዙ ጊዜ በውፍረቱ የላይኛውና የታችኛው ተብሎ ለሁለት ይከፈላል። የላይኛው ክፍል ቃጫው የተያያዘና ጠንካራ ነው፤ የታችኛው ላላ ይላል፣ ብዙ ጊዜም ላዩ በቀለም ወይም በፕላስቲክ ይሸፈናል። ሁለቱም ቆዳ ናቸው። ከዚህ ሌላ የቆዳ ፍርፋሪ ተፈጭቶ በማጣበቂያ የተጋገረ አለ፤ እሱ ከጊዜ በኋላ ይላላጣል። ስለዚህ ቃሉ ብቻውን ለገዢው ብዙም አይነግረውም። አቅራቢውን የትኛው ክፍል እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁት። የተቆረጠውን ጠርዝም ተመልከቱ። ቃጫው ከላይ እስከ ታች የሚታይ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ላዩ ላይ ቀጭን ሽፋን፣ ከሥሩ ጨርቅ ከታየ ሌላ ነው። መልስ ካጣችሁ ያያችሁትን ብቻ ጻፉ፦ “ውጪው የከብት ቆዳ፣ ላዩ ቀለም የተቀባ።” ከዚያ አትለፉ።

ጥቁርና ጥቁር ሰማያዊ ቆዳ ላይ ደግሞ የቀለም ነገር አለ። ነጭ የጥጥ ጨርቅ አርጥቡ፤ ቦርሳው የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከሥሩ፣ ሃያ ጊዜ እሹት። ጨርቁ ላይ ቀለም ከወጣ በዝናብ ቀን ነጭ ሸሚዝ ላይም ይወጣል። ይህን የሚደብቅ ሻጭ የሚያተርፈው የተበላሸ ሸሚዝ ፎቶ ነው። በሌላ በኩል፣ ጨርቁ ንጹሕ ቢሆንም “ቀለሙ በፍጹም አይለቅም” አትበሉ። እናንተ የሞከራችሁት አንድ ቦርሳ ላይ፣ ሃያ ጊዜ ነው። ውሃን በተመለከተም እንደዚያው። “ውሃ አያስገባም” ማለትና “ካፊያ ይችላል” ማለት የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ፤ ዚፕ ያለው ቦርሳ ከሆነ ደግሞ ውሃ በዚፑ በኩል መግባቱ የተለመደ ነው።

ያቺ ወጣት ከላከችልኝ ሁለት ቀን በኋላ ቦርሳውን አስመጥታ ለካችው። የእሷም እንደ እኔው ዓይነት ስለነበር አብረን እንዲህ ጻፍነው፦

“ከላይ በዚፕ የሚዘጋ የትከሻ ቦርሳ። ውጪው ጥቁር የከብት ቆዳ፣ ገበሩ ጥጥ። ውጪው ወርዱ 38፣ ቁመቱ 28፣ ጥልቀቱ 9 ሴንቲ ሜትር። የዚፑ አፍ 33.5 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከ32 በላይ ወርድ ያለው ላፕቶፕ አይገባም፤ ከማዘዝዎ በፊት ላፕቶፕዎን ይለኩ። ኤ4 ወረቀት ሳይታጠፍ ይገባል። ባዶውን 1.1 ኪሎ ይመዝናል። ማንገቻው ከ75 እስከ 125 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ከባድ ነገር ሲይዙበት ትንሽ ይለጠጣል። ውስጡ አንድ የዚፕ ኪስና ሁለት ክፍት ኪሶች አሉት፤ የውጪ ኪስ የለውም። ካፊያ ይችላል፣ ከባድ ዝናብ ግን በዚፑ ይገባል። እርጥብ ሲሆን ቀለሙ ነጭ ልብስ ላይ ሊወጣ ይችላል።”

አንድም ሙገሳ የለበትም። አንብባ ስትጨርስ “ይህን አይቶ ማን ይገዛል?” አለችኝ። ጥያቄዋ ተገቢ ነው፤ እውነቱን ልንገራችሁ። ትልቅ ላፕቶፕ ያለው ሰው አይገዛም። ድሮም ገዝቶ ይመልሰው ነበር፤ የመመለሻውንም የማጓጓዣ ወጪ እናንተ ትከፍሉ ነበር። ትንሽ ላፕቶፕና ወረቀት የሚይዝ ሰው ግን ይህን ሲያነብ መጠየቅ የሚፈልገውን ሁሉ አግኝቷል። ለአንድ ቦርሳ አምስት መልእክት አይጽፍላችሁም።

“አይገባም” የሚለውን የት እንዳስቀመጥነው ልብ በሉ። መጨረሻ ላይ በደቃቁ አልተጻፈም። ልኩ ከተነገረበት ቀጥሎ ነው ያለው፤ ምክንያቱም በስልክ የሚያነብ ሰው ታች ድረስ አይወርድም። ጉድለቱን ከሥር መጻፍና አለመጻፍ ለእሱ አንድ ነው።

የጻፋችሁት ባዶ ይሁን አይሁን ለማወቅ እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ዓረፍተ ነገሩን ወስጄ ጫማ ላይ አስቀምጠዋለሁ። “ውብና ዘመናዊ፣ ለሥራም ለመዝናኛም የሚሆን” ጫማ ላይም ልክ ነው፣ ሰዓት ላይም ልክ ነው። እሰርዘዋለሁ። “የዚፑ አፍ 33.5” ጫማ ላይ አይሄድም። ይቆያል። ሙገሳ ሁሉ ይውጣ እያልኩ ግን አይደለም። ገበሩ ለስላሳ ከሆነ ለስላሳ ነው በሉ፤ ቆዳውን ነክታችሁ የወደዳችሁት ነገር ካለ የቱ እንደሆነ ለይታችሁ ጻፉ።

ገዢ የሚጠይቃችሁን ጥያቄ ደግሞ አትጣሉ። ያንኑ ጥያቄ ሁለተኛ ሰው ከጠየቀ መግለጫው ላይ ጎድሏል ማለት ነው፤ በዚያው ቀን ጨምሩት። ለዚያ ቦርሳ “የውሃ ጠርሙስ ይቆማል ወይ?” ብለው ሁለት ሰዎች ጠየቁን። የግማሽ ሊትሩን አስገብተን አየን፣ ይቆማል። የአንድ ሊትሩ ከገባ ዚፑ አይዘጋም። እሱም ተጻፈ።

የመጨረሻው አዲስ ጭነት ሲመጣ ነው። አቅራቢ ሳይነግራችሁ ዚፑን ከብረት ወደ ፕላስቲክ ይቀይራል፣ ገበሩን ከጥጥ ወደ ፖሊስተር ይለውጣል፣ ወርዱን በአንድ ሴንቲ ሜትር ያሳንሳል። ትናንት እውነት የነበረው መግለጫችሁ ዛሬ ውሸት ይሆናል፣ እናንተ ምንም ሳትነኩት። ስለዚህ በእያንዳንዱ ጭነት አምስት አውጡ፣ እንደገና ለኩ፣ የለካችሁበትንም ቀን ከቁጥሮቹ አጠገብ ደብተር ላይ ጻፉ። ለአንድ ዓይነት እቃ ከሩብ ሰዓት በላይ አይፈጅም።