የቤት አበዳሪው ባንክ ስም በሕንፃ ኢንሹራንስ ውል ላይ ለምን ይገባል?

«ለንደን ቤት ልገዛ ነው። ሞርጌጅ የሚሰጠኝ ባንክ የሕንፃ ኢንሹራንስ ገብቼ እሱን ‹ጥቅም ያለው ወገን› ብዬ እንዳስመዘግብ ጠየቀኝ። ዓረቦኑን የምከፍለው እኔ ሆኜ ካሳውን ባንኩ ሊወስደው ነው?»

ካሳው በሙሉ የባንኩ አይሆንም፤ መድን ገቢውም የቤቱም ባለቤት እርስዎ ነዎት። ባንኩ ስሙን የሚያስመዘግበው ለብድሩ የያዘው መያዣ ቤቱ በመሆኑ ነው፤ ቤቱ ቢቃጠል ዕዳው አይቃጠልም፣ መያዣው ግን ይጠፋል።

ምዝገባው ለኢንሹራንስ ኩባንያው «በዚህ ቤት ላይ ሌላም ባለመብት አለ» ብሎ ማሳወቅ ነው። የቧንቧ ውኃ ጣሪያዎን ቢያበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የጥገናው ገንዘብ ለእርስዎ ወይም ለጠጋኙ ይከፈላል። ቤቱ ፈርሶ 300,000 ፓውንድ ካሳ ቢወሰንና 210,000 ዕዳ ቢኖርብዎ ግን፣ ገንዘቡ ቤቱን መልሶ ለመሥራት ወይም ዕዳውን ለመክፈል መዋሉን ባንኩ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቤቱ ካልተሠራና ዕዳው ከካሳው ላይ ከተከፈለ ቀሪው 90,000 የእርስዎ ነው። ዝርዝሩን የሚወስነው የሞርጌጅ ውልዎ ስለሆነ የኢንሹራንስ አንቀጹን ያንብቡ።

ብዙ ሰው ሲሳሳት ያየሁት በመድኑ መጠን ላይ ነው። መጠኑ የቤቱ የገበያ ዋጋ ሳይሆን ቤቱን እንደገና ለመገንባት የሚያስፈልገው ወጪ ነው፤ ይህም በቤት ግምገማ ሪፖርትዎ ላይ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ወጪው 300,000 ሆኖ ሳለ በግማሹ በ150,000 ካስመዘገቡ፣ ለ60,000 ፓውንድ ጉዳትም ኩባንያው ግማሹን 30,000 ብቻ ሊከፍል ይችላል፤ የባንኩ ስም መመዝገቡም ይህን አያስቀርም።