ቀስቱ ላይ ግሥ ጻፉበት

ልጆቼ፣

የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሳለሁ ደብተሬ የሚያስቀና ነበር። ርዕሱ በቀይ፣ ከሥሩ 1፣ 2፣ 3 እየተባለ የተደረደረ። ስለ ፍላጎት የተማርንበት ቀን የጻፍኩት ዛሬም ከነተራ ቁጥሩ ትዝ ይለኛል። «ፍላጎትን የሚወስኑ ነገሮች፦ 1. የዕቃው ዋጋ፣ 2. የገዢዎች ገቢ፣ 3. የሌሎች ዕቃዎች ዋጋ፣ 4. የገዢዎች ምርጫ፣ 5. የገዢዎች ብዛት።» ሸመደድኩት።

ፈተናው መጣ። የገዢዎች ገቢ ቢያድግ የጫማ ዋጋ ምን ይሆናል? እኔም ጻፍኩ። ገቢ ሲጨምር ፍላጎት ይጨምራል። ፍላጎት ሲጨምር ዋጋ ይወደዳል። ዋጋ ሲወደድ ፍላጎት ይቀንሳል። ፍላጎት ሲቀንስ ዋጋ ይረክሳል። ስለዚህ ዋጋው ወደነበረበት ይመለሳል። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለብቻው ብታነቡት ልክ ይመስላል። ያገኘሁት ግን ዜሮ ነው።

አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ይቺኑ መልስ በየዓመቱ አገኛት ነበር። ጎበዝ ተማሪዎችም ይጽፏታል። ጥፋቱ የዝርዝሩ መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። ተራ ቁጥር 1 እና ተራ ቁጥር 2 አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠዋል እንጂ ሥራቸው አንድ አይደለም። ገቢ ሲለወጥ፣ በየዋጋው ስንት እንደሚፈለግ የሚያሳየው የፍላጎት መስመር ራሱ ከቦታው ይነሳል። የዕቃው ዋጋ ሲለወጥ ግን መስመሩ ባለበት ነው። የምንንቀሳቀሰው እኛ ነን፣ በዚያው መስመር ላይ። ዝርዝር ይህን ልዩነት የሚያሳይበት ቦታ የለውም። ሁሉንም እኩል አሰልፎ ያልፋል።

ለዚህ ነው የፅንሰ ሐሳብ ካርታ ሥሩ የምላችሁ። ብዙዎቻችሁ «ኮንሴፕት ማፕ» ትሉታላችሁ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያዳበሩት ጆሴፍ ኖቫክና ባልደረቦቻቸው ናቸው። መሠረቱ ቀላል ነው። ፅንሰ ሐሳቦች በሳጥን ውስጥ ይገባሉ፣ በቀስት ይገናኛሉ፣ ቀስቱ ላይ ደግሞ ግንኙነቱን የሚናገር ቃል ይጻፋል። ሳጥን፣ ቀስት፣ ሳጥን ስታነቡ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መውጣት አለበት። ካልወጣ ገና አልገባችሁም ማለት ነው።

በፈተና የወደቅኩበትን ጥያቄ እንሥራው። ከሌክቸሩ በኋላ ደብተራችሁን ዝጉ። ከወረቀቱ አናት ላይ አንድ ጥያቄ ጻፉ፦ «ገቢ ሲያድግ ዋጋ እንዴት ይለወጣል?» «ፍላጎትና አቅርቦት» የሚል ርዕስ አይበቃም፣ ምን እንደሚገባና ምን እንደሚቀር አይነግራችሁም። ከዚያ የምታስታውሷቸውን ፅንሰ ሐሳቦች በትናንሽ ቁራጭ ወረቀቶች ላይ ለየብቻ ጻፉ። ቁራጭ የምላችሁ ቦታ መቀያየሩ ስለማይቀር ነው። ለዚህ ጥያቄ ሰባት ይበቃሉ፦ ገቢ፣ ፍላጎት፣ አቅርቦት፣ ዋጋ፣ የሚፈለግ መጠን፣ የሚቀርብ መጠን፣ እጥረት።

መጀመሪያ ስትሞክሩት «ፍላጎት» እና «የሚፈለግ መጠን» አንድ ቁራጭ ላይ ይሆኑባችኋል። ግድ የለም፣ ቀስቱን ሳሉት። ገቢ ፍላጎትን ያሳድጋል፣ ፍላጎት ዋጋን ያስወድዳል፣ ዋጋ ፍላጎትን ይቀንሳል። ቀስቱ ዞሮ ተመለሰ። አንዱ ሳጥን ባንድ ጊዜ ሲያድግም ሲቀንስም አያችሁት። ካርታው እያስጠነቀቃችሁ ነው፤ በአንድ ስም ሁለት ነገር እየጠራችሁ ነው። ደብተር ላይ ይህ አይታይም፣ አንዱ ዓረፍተ ነገር ገጽ 4 ላይ ሌላው ገጽ 9 ላይ ስለሆነ።

ሳጥኑን ለሁለት ክፈሉት፦ ፍላጎት መስመሩ ራሱ ነው፣ የሚፈለግ መጠን ደግሞ በአንድ ዋጋ ላይ የሚፈለገው ብዛት። እንደገና እንሞክር። ገቢ ፍላጎትን ያሳድጋል። ፍላጎቱ በድሮው ዋጋ ላይ እጥረት ይፈጥራል። እጥረት ዋጋን ወደ ላይ ይገፋል። ከዋጋ ሁለት ቀስት ይወጣል፦ የሚፈለገውን መጠን ይቀንሳል፣ የሚቀርበውን መጠን ይጨምራል። ሁለቱም ተመልሰው እጥረቱን ያጠብባሉ። ዙሩ የሚዘጋው እጥረት ላይ ነው፣ ፍላጎት ጋ አይደርስም። እጥረቱ ሲያልቅ ዋጋውን የሚገፋው ነገር አይኖርም። ዋጋው እዚያው ከፍ እንዳለ ይቀራል።

ካላመናችሁ በቁጥር ፈትኑት። `P` ዋጋ ነው፣ `Qd` የሚፈለገው መጠን፣ `Qs` የሚቀርበው መጠን።

```
Qd = 100 - 2P
Qs = 20 + 2P
```

ሚዛኑ ዋጋ 20፣ መጠን 60 ላይ ነው። ገቢ አደገና የፍላጎቱ ቀመር `Qd = 140 - 2P` ሆነ እንበል። በድሮው ዋጋ 100 ይፈለጋል፣ የሚቀርበው ግን 60 ነው። እጥረቱ 40 ሆነ። ዋጋው 30 ሲደርስ የሚፈለገው ወደ 80 ይወርዳል፣ የሚቀርበው ወደ 80 ይወጣል። እጥረቱ ዜሮ ነው። ልብ በሉ፣ ከ100 ወደ 80 የወረደው የሚፈለገው መጠን ነው። አዲሱ የፍላጎት ቀመር አልተነካም። እኔ የተማሪነቴን ዜሮ ያገኘሁት በዚች ልዩነት ነው።

አሁን ቀስቶቹን አንድ በአንድ ጠይቁ። «ሁልጊዜ ነው?» ለምሳሌ ገቢ ፍላጎትን ያሳድጋል ብለናል። ሰው ኪሱ ሲሞላ የሚተዋቸው ዕቃዎች ግን አሉ። እዚያ ቀስቱ ላይ «ለአብዛኛው ዕቃ» ብላችሁ ጨምሩ። አቅርቦት የሚለው ቁራጭም ይኸው ብቻውን ቀርቷል፤ ምክንያቱም በዚህ ጥያቄ ውስጥ የአቅርቦት መስመሩ አልተነቃነቀም። ዳር አስቀምጡትና «አልተለወጠም» በሉት።

ብዙ የተማሪ ካርታ አይቻለሁ። ትልቁ በሽታ «ይነካል» እና «ይዛመዳል» የሚሉ ቃላት ናቸው። ዋጋ ፍላጎትን ይነካል። እሺ፣ ወዴት? እንዲህ ያለ ቀስት ምንም አይናገርም፣ ዝርዝሩን በሳጥን ከማስጌጥ አይለይም። ሁለተኛው ፍቺንና ምክንያትን ማምታታት ነው። የአገር ጠቅላላ ምርትን ቀመር ውሰዱ፦ `Y` ምርቱ፣ `C` የቤተሰብ ፍጆታ፣ `I` ኢንቨስትመንት፣ `G` የመንግሥት ወጪ፣ `X` ወደ ውጭ የሚላከው፣ `M` ከውጭ የሚገባው ነው። `Y = C + I + G + X - M` የሚለውን ካርታ ላይ ስታወጡት ከ`M` ወደ `Y` «ይቀንሳል» የሚል ቀስት ያምራችኋል። ተጠንቀቁ። ይህ የሒሳብ አያያዝ ነው። የውጭ ዕቃ የተገዛበት ገንዘብ `C`፣ `I` ወይም `G` ውስጥ ቀድሞ ተቆጥሯል፣ የሚቀነሰው እሱን ለማውጣት ነው። ለፍቺ ባለ ሁለት መስመር፣ ለምክንያት ነጠላ ቀስት ብትጠቀሙ አይምታታባችሁም።

ካርታው የማይችለውም አለ። ዋጋው በስንት እንደሚወጣ አይነግራችሁም፤ ለዚያ ግራፉና ቀመሩ አጠገቡ ይኑሩ።

ደብተራችሁን ዝጉ ያልኳችሁ በዘፈቀደ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ካርፒክና ብላንት የተባሉ ተመራማሪዎች «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ነበር። ጽሑፉን ፊታቸው ዘርግተው ካርታ የሠሩት ተማሪዎች፣ አንብበው ዘግተው ያስታወሱትን ከጻፉት ያነሰ ውጤት አመጡ። እያዩ መገልበጥ እጅን እንጂ ጭንቅላትን አያደክምም። ስለዚህ መጀመሪያ በቃላችሁ የቻላችሁትን በእርሳስ ሥሩ። ከዚያ ደብተሩን ክፈቱና የጎደለውን በቀይ ሙሉ። ከሳምንት በኋላ ባዶ ወረቀት ይዛችሁ ስትቀመጡ፣ መጀመሪያ የምትሞክሩት ያን ቀዩን ይሁን።