የ90 ቀን ግብ ለአዲስ የሒሳብ ሠራተኛ፦ ሦስት ጊዜ ወር መዝጋት

ጥያቄ፦ «ሰላም ለሁላችሁ። የጽሕፈት መሣሪያ የሚያከፋፍል ትንሽ ድርጅት አለኝ፤ ዘጠኝ ሠራተኞች ነን። ከጥቅምት 1 ጀምሮ የሒሳብ ሠራተኛ እቀጥራለሁ። የበፊቱ ልጅ ‹ምን እንደምትፈልጊ ነግረሽኝ አታውቂም› ብሎኝ ነው የሄደው። አሁን የመጀመሪያዎቹን 90 ቀናት ግብ በጽሑፍ ልስጥ ብያለሁ፤ ግን ምን ብዬ እንደምጽፍ ግራ ገባኝ። ልምድ ያላችሁ እስኪ?»

እህቴ፣ ከ90ው በፊት 60 የሚለውን ቁጥር ያዢ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ስምምነቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛው ለሥራው ብቁ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ መለያየት ይቻላል። እሱም ካልተመቸው እንዲሁ ያለ ማስጠንቀቂያ መሄድ ይችላል። ጊዜው ካለፈ በኋላ ግን ልጁ እንደማንኛውም ሠራተኛ ነው። ለማሰናበት በሕጉ የሚታወቅ በቂ ምክንያት ያስፈልግሻል፤ ችሎታ አንሶት ከሆነም የአንድ ወር ማስጠንቀቂያ አለ። «ሌላ ሁለት ወር ደግሞ እንየው» ብሎ ሙከራውን ማራዘም አይቻልም።

አሁን ቀኑን ቁጠሪ። ቅዳሜን ጨምራችሁ በሳምንት ስድስት ቀን የምትሠሩ ከሆነ፣ ከጥቅምት 1 የጀመረ 60 የሥራ ቀን ታኅሣሥ 10 አካባቢ ያልቃል። አምስት ቀን ከሆነ ወደ ታኅሣሥ 24 ይሄዳል። 90ው ቀን የሚሞላው ግን ታኅሣሥ 30 ነው። ስለዚህ ዋናውን ፈተና በ90ኛው ቀን ካስቀመጥሽው፣ ውጤቱን የምታውቂው ውሳኔው ካመለጠሽ በኋላ ነው። ብዙ ሰው ከኢንተርኔት የ30፣ የ60 እና የ90 ቀን ሠንጠረዥ አውርዶ ይሞላል፤ ይቺን ነገር ግን አያያትም። ሠንጠረዡ የተሠራው ለሌላ አገር ሕግ ነው።

ለሒሳብ ሠራተኛ ደግሞ ጥሩ አጋጣሚ አለሽ። ሥራው በየወሩ ይደጋገማል። ጥቅምት 1 ከገባ የመስከረምን ሒሳብ በጥቅምት፣ የጥቅምትን በኅዳር፣ የኅዳርን በታኅሣሥ መጀመሪያ ይዘጋል። በሙከራው ውስጥ ሦስት ጊዜ ወር መዝጋት ይደርሰዋል ማለት ነው። ግቡን ከዚህ ውጪ አትፈልጊ። መስከረምን የውጭ ሒሳብ አዋቂሽ ሲዘጋ አጠገቡ ተቀምጦ ያያል። ጥቅምትን እሱ ይዘጋል፣ አዋቂው ከጎኑ ሆኖ ያርማል። ኅዳርን ብቻውን ይዘጋል፤ አዋቂው የሚያየው ካለቀ በኋላ ነው። የሦስተኛውን ቀነ ገደብ ታኅሣሥ 7 አድርጊው። ለማየትና ለመወሰን ሦስት ቀን ይተርፍሻል።

«ወር መዝጋት» ብለሽ ብቻ ከጻፍሽ ግን የድሮው ጣጣ ይደገማል። አንቺ የምታስቢው ሌላ፣ እሱ የሚያስበው ሌላ ይሆናል። ጨርሻለሁ የሚባለው ምን ሲሆን እንደሆነ ጻፊለት። እኛ ጋ የሆነውን ልንገርሽ። አንድ አዲስ ልጅ የመጀመሪያውን የግል መዝጊያውን በቀኑ አስረክቦ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። የውጭ አዋቂው ሲያየው በመዝገቡ ላይ 26,500 ብር «ልዩ ልዩ ገቢ» ተብሎ ገብቷል። ደረሰኝም የለው፣ ደንበኛም የለው። ለካ ነገሩ እንዲህ ነው። በመዝገባችን የባንኩ ቀሪ 412,300 ነበር፤ የባንኩ ስቴትመንት ደግሞ 438,800 ይላል። ልጁ ልዩነቱን ገቢ አድርጎ ሁለቱን እኩል አደረጋቸው።

እውነተኛው መልስ ሌላ ነበር። ለአቅራቢ የሰጠነው የ30,000 ብር ቼክ ገና አልተመነዘረም። ያንን ከባንኩ ቁጥር ስትቀንሺ 408,800 ይመጣል። ባንኩ ደግሞ 3,500 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቆርጦ ነበር፤ እኛ አልመዘገብነውም። ያንን ከመዝገባችን ስትቀንሺ ያው 408,800 ነው። ገቢ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። እንዲያውም መዝገቡ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ነበረበት።

ልጁ ሌባ አልነበረም፤ ሰነፍም አልነበረም። ግብ ተብሎ የተሰጠው ወረቀት «እስከ 7 ቀን ወሩን መዝጋት» ብቻ ይላል። እሱም ዘጋ። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ ተቀየረ፦ «የባንክ ሒሳብ ተስታርቆ፣ እያንዳንዱ ልዩነት ምክንያቱና ማስረጃው ተያይዞ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ካለ በመዝገብ ሳይሸፈን ለብቻው ተጽፎ ሲቀርብ።» የመጨረሻዋን ሐረግ በጣም እወዳታለሁ። «አላወቅሁትም» ብሎ ማቅረብን የሥራው አካል ታደርገዋለች። አዲስ ሰው የሚደብቀው በአብዛኛው ሲፈራ ነው።

አንቺ ጋ ያለው ሥራ ደግሞ ከባንኩ ሌላ ሦስት ነገር ይኖረዋል ብዬ እገምታለሁ። የቀኑ ሽያጭ ከካሽ ሬጅስተሩ ዜድ ሪፖርት ጋር መግጠም አለበት። የዱቤ ደንበኞች ዝርዝር ከመዝገቡ ጠቅላላ ጋር መግጠም አለበት። የደመወዝ መክፈያው ላይ የሥራ ግብርና ጡረታ፣ ማለትም ከሠራተኛው 7 በመቶ እና ከድርጅቱ 11 በመቶ፣ በትክክል መሰላት አለበት። ለእነዚህም ጨርሻለሁ የሚባለውን በአንድ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ፤ ይበቃል። ሁሉም በአንድ ገጽ ይግባ። ሁለተኛ ገጽ ከጀመርሽ የሥራ መደብ መግለጫ እየጻፍሽ ነው።

«ታማኝ፣ ትጉህ፣ ኃላፊነት የሚሰማው ይሁን» የሚለውን ከገጹ አውጪው። ጥሩ ጠባይ ነው፤ ግን በታኅሣሥ 8 ተቀምጣችሁ ልትመዝኑት አትችሉም። እንመዝነዋለን ብትሉም ጭቅጭቅ ነው የሚሆነው።

በዚያው ገጽ ግርጌ አንቺ የምትሰጪውን ጻፊ። ይሄን ባለቤቶች አይወዱትም፤ እኔ ግን ሳላስገባ አላልፍም። የባንክ ስቴትመንቱ በየወሩ 1 ወይም 2 ቀን እጁ መግባት አለበት። በኢትዮጵያ ወር ከ1 እስከ 30 ተብሎ ይጠየቅ፤ ባንኩ በፈረንጅ ወር ቆርጦ ከሰጠው ግማሽ ቀኑ በመለያየት ያልቃል። ከሽያጭ ልጆች የሚመጣው ደረሰኝ ወሩ ባለቀ በ2 ቀን ውስጥ ተጠቃሎ ይሰጠው። አንቺ ራስሽ ከኪስሽ አውጥተሽ የገዛሽው ነገር ካለም ደረሰኙን አብረሽ ስጪ። በትንሽ ድርጅት ወር መዝጊያን የሚያዘገየው ብዙ ጊዜ በድርጅቱ ባለቤት ቦርሳ ውስጥ ያለ ደረሰኝ ነው። ደረሰኙ በ6 ቀን ደርሶት በ7 ካልዘጋ፣ ጥፋቱን በእሱ ላይ መጻፍ አትችይም። ስለዚህ ወረቀት የደረሰበትን ቀን የሚመዘግብ ተራ ደብተር ይያዝ።

በግቡ ውስጥ የማታስገቢው ነገርም አለ። ቫትና የሥራ ግብር በጊዜው ማስታወቁን የእሱ ብቻ ኃላፊነት አታድርጊው፤ ቢያንስ በነዚህ ሦስት ወራት። ቅጣቱ በድርጅቱ ስም ነው የሚመጣው። እሱ ያዘጋጅ፣ የውጭ አዋቂው አይቶ ያስገባ። ቼክ የመፈረም ሥልጣንም አይሰጠው። መዝጋቢውና ፈራሚው አንድ ሰው ከሆነ፣ ያ 26,500 ዓይነት ነገር ማን ያገኘዋል?

ከዚያ በየሳምንቱ ቅዳሜ ጠዋት ሃያ ደቂቃ ያህል አብራችሁ ተቀመጡ። ገጹን ዘርግተሽ ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂው፦ ምን ደረስክ? ምን አስቸገረህ? «ሁሉም ጥሩ ነው» ካለሽ ወረቀቱን አሳየኝ በይው። እኔ ልብ የምላቸው ምልክቶች አሉ። በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ጥያቄ የማይጠይቅ አዲስ ሰው ያሳስበኛል፤ የእናንተን ዱቤ አሠራር ሳይጠይቅ ሊያውቀው አይችልም። በጥቅምት የጠየቀውን ያንኑ ጥያቄ በኅዳርም ከጠየቀ፣ ወይ ማስታወሻ አይዝም ወይ መጀመሪያ የነገረው ሰው አላስረዳውም። ማነው የነገረው ብለሽ ጠይቂ። እያመሸ ከሠራ ደግሞ አታመስግኚው፤ ለምን እንዳመሸ እይ። ዘጠኝ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የወር መዝጊያ ማምሸት የለበትም።

ዋናው ውይይት ኅዳር 10 አካባቢ ይሁን፤ ጥቅምትን ከዘጋ በኋላ ማለቴ ነው። የሙከራው እኩሌታ ገና ማለፉ ነው። እዚያ ላይ «እስካሁን ባየሁት ታልፋለህ» ወይም «እነዚህ ሁለት ነገሮች ካልተስተካከሉ ታኅሣሥ ላይ እንለያያለን» በግልጽ ይባል፣ ይጻፍ፣ ይፈረም። እኛ ሰውን ፊት ለፊት መናገር ይከብደናል፤ ይሉኝታ ይይዘናል። ልጁ ግን ታኅሣሥ 9 ድንገት ከሚሰማው ኅዳር 10 ቢሰማው ይሻለዋል። የሚያስተካክልበት አንድ ሙሉ መዝጊያ ገና አለው።

ታኅሣሥ 7 ያስረከበው የኅዳር መዝጊያ ግማሽ ጥሩ፣ ግማሽ የተበላሸ ከሆነ እንዴት ትወስኛለሽ? እኔ ስህተቶቹን በሁለት እለያቸዋለሁ። ቁጥር መሳት፣ ደረሰኝ መዝለል፣ ቀን ማሳለፍ በልምምድ ይስተካከላል። ያልገባውን ልዩነት በመዝገብ መሸፈን፣ በጥቅምት ከተነገረው በኋላ ከተደገመ፣ ለእኔ ያበቃል። ከ90ው ቀን ውስጥ የቀረውን ሃያ ቀን አልጠብቅም።

ካለፈ ግን ያ ሃያ ቀን ባዶ አይሁን። እስካሁን የሠራው ያለውን ሥራ መረከብ ነው። አሁን ድርጅቱ ያልነበረውን አንድ ነገር ይጨምር። ለአከፋፋይ እኔ የምመርጠው የዱቤ ዕድሜ ዝርዝር ነው፦ ማን ስንት አለበት፣ ከ30 ቀን በታች፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 በላይ ተብሎ የተከፈለ፣ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጎን መጨረሻ የከፈለበት ቀን የተጻፈ። ቀነ ገደቡን ታኅሣሥ 28 አድርጊው፤ በማግስቱ ገና ነው። የሽያጭ ልጆችሽ ከበዓሉ በኋላ ያንን ዝርዝር ይዘው ይውጡ። ዱቤውን መሰብሰብ ግን የእነሱ ሥራ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛው ግብ ውስጥ አታስገቢው።