የተቀዳ የአማርኛ ድምፅ ወደ ጽሁፍ፦ ምን ያህል ይታመናል?

«ድሬዳዋ ላይ ለመመረቂያ ጽሁፌ ቃለ መጠይቅ እየቀዳሁ ነው። ሁሉም በአማርኛ ነው። ቅጂውን ራሱ ወደ ጽሁፍ የሚገለብጥልኝ አፕ አለ? ምን ያህል ልመነው?»

እህቴ፣ አለ። እኔም አምና ጡረታ የወጡ የባቡር ሰራተኞችን ሳነጋግር ሞክሬዋለሁ። የተማርኩት ግን ከአንድ አባባ ቅጂ ነው። ከዚራ ሰፈር ቤታቸው ነው የቀዳኋቸው፣ ቬንትሌተር ከላይ እየዞረ። በድሬ ሙቀት አጥፉልኝ አይባል ነገር!

መጀመሪያ ፋይሉን እንዳለ ለዊስፐር ሰጠሁት። ዊስፐር በነጻ የሚገኝ ሞዴል ነው፤ አማርኛንም ከሚያውቃቸው ቋንቋዎች ውስጥ ይዘረዝራል። ግን የሰለጠነበት የአማርኛ ድምፅ በጣም ጥቂት ነው። አባባ ቡና ሊጠጡ ዝም ባሉበት ቦታ አንዱን ሀረግ አስራ ምናምን ጊዜ ደጋግሞ ጻፈልኝ። ማንም ያላለውን! እሱን እዚያው ተውኩት።

ቀጥሎ የጉግልን የአማርኛ የድምፅ ጽሁፍ ሞከርኩ፤ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ማይክ ጎን አድርጌ ቅጂውን አጫወትኩለት። ሁለት ደቂቃውን ብቻ በእጄ ጻፍኩና አስተያየሁት። በእጄ የጻፍኩት 204 ቃል ነው። የተሳሳተውን፣ የጎደለውንና የተጨመረውን ስደምር 68 ስህተት ሆነ፤ ከመቶ 33 ማለት ነው። ከ68ቱ 21ዱ ግን የፊደል ወይም የክፍተት ጉዳይ ነው፤ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ቤተሰብ» እና «ቤተ ሰብ»። እነሱን ብምራቸው እንኳ 47 ይቀራል።

ያስደነገጠኝ ቁጥሩ አይደለም፣ ስህተቱ የወደቀበት ቦታ ነው። አባባ ያሉት «ስልሳ ሆነን እንሰራ ነበር፣ ማታ አንተኛም ነበር» ነው። የተጻፈው «ሰላሳ ሆነን እንሰራ ነበር፣ ማታ እንተኛም ነበር» ነው። እይው፤ ስልሳው ሰላሳ ሆነ፣ ያልተኙት ሰዎች ተኙ። አማርኛችን አፍራሹን ቃሉ ውስጥ ይከተዋል። «አን» እና «እን» በሚለያዩባት በአንዲት አናባቢ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ ቬንትሌተሩ ደግሞ የሚውጠው እንዲህ ያለውን ነው። አረፍተ ነገሩ ለዓይን ንጹህ ስለሆነ ቅጂውን ሳትሰሚ ብታነቢው አትጠረጥሪውም።

የድሬ ሰው ደግሞ በአንድ ቋንቋ አያወራም። አባባ መሀል ላይ በኦሮምኛ «ማል ጎና» አሉ፣ ምን እናድርግ ማለታቸው ነው። የተጻፈው «ማለት ገና» ነው። መሳሪያው አልገባኝም አይልም፤ የሰማውን ወደሚያውቀው አማርኛ ይጎትተዋል። ከዚራም «ከዚያ» ሆናለች።

አሁን የምሰራው እንዲህ ነው። ቅጂውን ስልኬ ላይ ከፍቼ በጆሮ ማዳመጫ እሰማለሁ። አንድ አረፍተ ነገር ሰምቼ አቆምና ራሴ ጥርት አድርጌ ለኮምፒውተሩ እደግመዋለሁ። በክሮም ጉግል ዶክስ ትከፍቺና Tools ውስጥ Voice typing ትያለሽ፣ ከቋንቋዎቹ አማርኛን ትመርጫለሽ። ኢንተርኔት ይፈልጋል። ሌላ ገጽ ስትከፍቺ ማዳመጡን ያቆማል፤ ቅጂውን ከስልክ የማጫውተው ለዚህ ነው። አራት ነጥብም በአማርኛ አይጥልልሽም፣ ራስሽ ነሽ። ያንኑ ሁለት ደቂቃ እንዲህ ስደግመው ስህተቱ 19 ሆነ፣ ከመቶ 9 አካባቢ። የአንድ ሰዓት ቅጂ በእጅ ስጽፍ ስድስት ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር፤ አሁን ማረሙን ጨምሮ ሦስት ተኩል ነው። ሰው ካለበት ክፍል አትስሪው፣ ብቻውን የሚያወራ ትመስያለሽ።

እርማቱን ሁሌ የምጀምረው ከቁጥሮች ነው። ከዚያ ግሶቹን አያለሁ፤ «አል»፣ «አን» እና መጨረሻ ላይ ያለችውን «ም» ድምፁን መልሼ ሰምቼ ነው የማልፈው። ከዚያ የሰውና የሰፈር ስም። ሰዓት ሲጠሩም እንዳሉት ተዪው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያሉትን 3:00 ብለሽ ከጻፍሽ አማካሪሽ ሌሊት ሊመስለው ይችላል። በሌላ ቋንቋ የተባለውን በቅንፍ ጽፌ ደቂቃውን እመዘግባለሁ፣ በኋላ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው እንዲያይልኝ።

ስለመቅዳቱ አጭር ነው። ስልኩን ከአፋቸው አንድ ስንዝር ወይም ሁለት ስንዝር ራቅ አድርገሽ፣ የታጠፈ ፎጣ ላይ አስቀምጪው፤ ጠረጴዛ ሲነካ ይሰማልና። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጊው፣ ስልክ ሲደወል ቅጂው ሊቋረጥ ይችላል። ቬንትሌተሩን ማጥፋት ካልተቻለ ማይኩን ከንፋሱ አዙሪው። ለጓደኛሽ በቴሌግራም ስትልኪም በፋይል መልክ ላኪው።

የምታነጋግሪው ብዙ ሰው ካለሽ ከመጀመሪያው ቅጂ ሁለት ደቂቃ በእጅሽ ጻፊና እንደኔ ቁጠሪ። ከአራት ቃል አንዱ ከተሳሳተ በእጅ መጻፉ ይፈጥንሻል፣ ማረሙ ከመጻፍ የበለጠ ያደክማል።