በወር 1.5 ከ2.5 በመቶ ሊበልጥ ይችላል

«ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ስላላገኘሁ አነስተኛ ንግድ ልጀምር ነው። ሸቀጥ ለማስገባት 60,000 ብር ለ6 ወር መበደር እፈልጋለሁ። አንዱ አበዳሪ በወር 1.5 በመቶ፣ ሌላው 2.5 በመቶ ይላሉ። የመጀመሪያውን ልውሰድ አይደል? — ሥራ ፈላጊዋ»

እህቴ፣ ሳትፈርሚ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። በመቶኛው ብቻ ግን አትወስኚ። መጀመሪያ ሁለቱንም አበዳሪዎች የክፍያ ሰሌዳቸውን በወረቀት እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ ከዚያ የወለዱን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ተመልከቺ። ወለዱ በየወሩ ተመሳሳይ ቁጥር ከሆነ የሚሰላው መጀመሪያ በወሰድሽው ገንዘብ ላይ ነው፤ ግማሹን ከፍለሽ እንኳ በሙሉው ላይ ወለድ ትከፍያለሽ። ቁጥሩ ከወር ወር እየቀነሰ ከሄደ ደግሞ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው።

የ1.5 በመቶው አበዳሪ የመጀመሪያው ዓይነት ነው እንበል። በወር 900 ብር፣ በ6 ወር 5,400 ብር ወለድ ይሆናል። በዚህ ላይ የአገልግሎት ክፍያ 2 በመቶ፣ የኢንሹራንስ 1 በመቶ ቢጨመር ሌላ 1,800 ብር ነው። ይህ ክፍያ ብዙ ጊዜ ከብድሩ ላይ አስቀድሞ ስለሚቆረጥ ተበዳሪው ልብ አይለውም። እጅሽ የሚገባው 58,200 ብር፣ ዕዳሽ ግን 60,000 ነው። በጠቅላላ ብድሩ 7,200 ብር ያስወጣሻል።

የ2.5 በመቶው በቀሪ ዕዳ ላይ የሚሰላና ሌላ ክፍያ የሌለው ይሁን። በየወሩ ከዋናው 10,000 ብር ትመልሻለሽ፤ ወለዱ በመጀመሪያው ወር 1,500፣ በሁለተኛው 1,250 እያለ በመጨረሻው ወር 250 ይደርሳል። ሲደመር 5,250 ብር ነው። ውድ የመሰለሽ ብድር በ1,950 ብር ረከሰ ማለት ነው።

እውነተኛውን ወለድ ራስሽ ለመገመት ቀላል መንገድ አለ። ዋናው በየወሩ 10,000 እየቀነሰ ስለሚሄድ በስድስቱ ወራት በአማካይ እጅሽ ላይ የሚቆየው የአበዳሪው ገንዘብ 60,000 ሳይሆን 35,000 ብር ያህል ነው። 7,200ን ለ35,000 ከዚያም ለ6 ስታካፍዪ በወር 3.4 በመቶ ገደማ ይመጣል። «1.5» ያሉሽ ይህን ነው። ከብድሩ ላይ በግዴታ ቁጠባ ስም የሚይዙት ገንዘብ ካለ ደግሞ ወለድ የምትከፍዪበትን ገንዘብ ልትሠሪበት አትችዪምና የብድሩ ዋጋ ከዚህም ይወጣል። የዘገየ ክፍያ ቅጣቱ ስንት እንደሆነ፣ ቀድመሽ ብትከፍዪ ያልደረሰው ወለድ ይሰረዝልሽ እንደሆነም ጠይቂ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሸቀጡ የሚሸጥበት ፍጥነት ነው። ርካሹን ብድር ወሰድሽ እንበል፤ በ60,000 ብር ዕቃ ገዛሽ፤ በገዛሽበት ላይ 25 በመቶ ጨምረሽ ትሸጫለሽ። ሁሉም ሲሸጥ 75,000 ብር ይሆናል፣ ትርፉ 15,000 ነው። ዕቃው ለማለቅ 6 ወር ከፈጀ በወር የሚገባው 12,500 ብር ነው፤ የመጀመሪያው ወር ክፍያሽ ደግሞ 11,500። የሚተርፍሽ 1,000 ብር ነው፣ እሱም ከትራንስፖርትና ከኪራይ በፊት። ያለቀውን ዕቃ የምትተኪበት ገንዘብ አይኖርሽም፤ መደርደሪያው ባዶ እየሆነ ሲሄድ ሽያጩም አብሮ ይወርዳል። ብዙ ጀማሪ ነጋዴዎች የሚቸገሩት እዚህ ላይ ነው፦ ትርፍ አላቸው፣ የክፍያው ቀን ሲደርስ ግን ጥሬ ገንዘብ የላቸውም።

ያው ዕቃ በሁለት ወር ቢያልቅ ነገሩ ይለወጣል። በወር 37,500 ብር ይገባል፤ ክፍያሽን ከፍለሽ በቀረው እንደገና ታስገቢያለሽ። ክፍያው መነሻ ገንዘብሽን እየሸረሸረ ስለሚሄድ እያንዳንዱ ዙር ካለፈው ያነሰ ይሆናል፤ ሆኖም የወለዱን 5,250 ብር አንድ ዙር ብቻውን አይሸከመውም።

ስለዚህ ከመበደርሽ በፊት በራስሽ ትንሽ ገንዘብ ከዚያው ዕቃ ጥቂት ግዢና አራት ሳምንት ሽጪ። በየቀኑ የሸጥሽውን በደብተር ጻፊ፤ በዱቤ የሰጠሽውን ለብቻ አስቀምጪ፣ ምክንያቱም በዱቤ የሄደ ዕቃ የብድር ክፍያ አይሸፍንም። ከአራት ሳምንት በኋላ ካስገባሽው ሩብ ያህሉ እንኳ በጥሬ ገንዘብ ካልተሸጠ 60,000ው ይበዛብሻል፤ ግማሹን ተበደሪ፣ ወይም የመጀመሪያው ክፍያ በሁለተኛው ወር እንዲጀምር አበዳሪውን ጠይቂ። የእፎይታ ጊዜ ከሰጡሽ በዚያ ወር ወለድ ይታሰብ እንደሆነ በሰሌዳው ላይ ተጽፎ እይው።