የመለዋወጫ ስቶርን በኤቢሲ መመደብ፦ ከወጪ ደረሰኝ እስከ ዕለታዊ ቆጠራ

ጥያቄ፦ «ሰላም ለቡድኑ አባላት። የምሠራው በአንድ የጭነት ትራንስፖርት ድርጅት መለዋወጫ ስቶር ነው። ወደ 1,200 የሚጠጋ የዕቃ ዓይነት አለን፤ ሠራተኞቹ ሁለት ብቻ ነን። በየሰኔው ስቶር ዘግተን እንቆጥራለን፣ ግን ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይቀራል። ኃላፊያችን በኤቢሲ ከፋፍላችሁ ዓመቱን ሙሉ ቁጠሩ ብሎናል። ከምን እንጀምር? ውድ ውዱን ኤ ማለት ነው? የሰኔው ቆጠራስ ይቀርልናል?»

መልስ፦

ውድ መሆኑ ብቻውን ዕቃውን ኤ አያደርገውም። ደረጃውን የሚወስነው ዕቃው በአንድ ዓመት ውስጥ ከስቶር ይዞት የሚወጣው ገንዘብ ነው፤ ማለትም የዓመቱ የወጪ ብዛት በነጠላ ዋጋው ተባዝቶ የሚገኘው። ዛሬ መደርደሪያ ላይ ያለው ቀሪ እዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ብዙ ቦታ ቀሪውን በዋጋ አባዝተው ይመድባሉ፤ ያኔ ትናንት በገፍ የተገዛው ዕቃ ኤ ሆኖ ይወጣል፣ በየሳምንቱ የሚሠራበት ግን ለጊዜው ያለቀው ጎማ ደግሞ ሲ ውስጥ ይወድቃል።

የወጪውን ብዛት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ካለው የወጪ ደረሰኝ ሰብስቡ፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ሞዴል 22 ማለት ነው። ከቢን ካርድ የወጪ ዓምድ በቀጥታ ስትደምሩ ግን ተጠንቀቁ። እዚያ ዓምድ ላይ ለሌላ ቅርንጫፍ የተዛወረ፣ ለአቅራቢ የተመለሰ፣ ከቆጠራ በኋላ ለማስተካከያ የተቀነሰ ሁሉ አብሮ ተጽፏል። እነዚህ ፍጆታ አይደሉም። ጋራዡ ወስዶ ሳይጠቀምበት የመለሰውም መቀነስ አለበት።

ዋጋ ላይ ለሁሉም ዕቃ አንድ ዓይነት መሠረት ያዙ። የእኔ ምርጫ የቅርብ ጊዜ የግዢ ዋጋ ነው። በተለይ ብር ሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በካርዱ ላይ ያለው አማካይ ዋጋ የድሮውንና የአዲሱን ምንዛሪ ቀላቅሎ የያዘ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በፊት የተገዛ ከውጭ የመጣ ክፍል በአሮጌ ዋጋው ከተሰላ፣ አምና የተገዛው ተራ ዕቃ ሊበልጠው ነው። ለረጅም ጊዜ ላልተገዛው ከአቅራቢ ፕሮፎርማ ጠይቁ። ይህ ዋጋ ለደረጃ ማውጫ ብቻ ነው፤ ሂሳብ ክፍል የሚይዘውን የንብረት ዋጋ አይነካም።

አሁን በ11 ዕቃ እንየው። ዋጋዎቹ ለማሳያ የተቀመጡ ስለሆኑ የራሳችሁን ተኩ።

ጎማ፦ 120 × 28,000 = 3,360,000
የሞተር ዘይት በሊትር፦ 4,000 × 450 = 1,800,000
ባትሪ፦ 40 × 18,000 = 720,000
የፍሪሲዮን ዲስክ፦ 30 × 14,000 = 420,000
የፍሬን ሸራ፦ 200 × 1,500 = 300,000
የዘይት ፊልትሮ፦ 420 × 600 = 252,000
የናፍጣ ፊልትሮ፦ 400 × 420 = 168,000
የናፍጣ ፖምፓ፦ 2 × 55,000 = 110,000
ቺንጋ፦ 60 × 800 = 48,000
ቡሎን፦ 800 × 15 = 12,000
አምፑል፦ 250 × 40 = 10,000

ድምሩ 7,200,000 ብር ነው። ከላይ ወደ ታች እየደመርን ስንወርድ ጎማ ብቻውን 46.7 በመቶ ይይዛል፤ ዘይት ሲጨመር 71.7፣ ባትሪ ሲጨመር 81.7 ይሆናል። የተለመደው የኤ ድንበር 80 ነው። ባትሪ ከድንበሩ በታች ጀምሮ ድንበሩን አልፎ ስለሚጨርስ ወደ ላይኛው ደረጃ ይገባል። የቢ ድንበር 95 ነው፤ ፍሪሲዮን፣ ሸራና የዘይት ፊልትሮ እዚያ ይገባሉ፣ ከናፍጣ ፊልትሮ ጀምሮ ያሉት አምስቱ ሲ ናቸው። እነዚህ ድንበሮች ሕግ አይደሉም። 80 ላይ ስትደርሱ ከላይና ከታች ያሉትን ቁጥሮች ተመልከቱ፤ ከ720,000 ወደ 420,000 እንደወረደው ዓይነት ግልጽ ክፍተት ሁለት ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ከታየ ድንበሩን እዚያ ብታደርጉት ይሻላል። በ800 እና በ790 ሺህ ብር መካከል መስመር ማስመር ትርጉም የለውም።

በኤክሴል D ላይ ብዛት፣ E ላይ ዋጋ አስገቡና F ላይ አባዙ። ከዚያ ዝርዝሩን በF ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ። G እና H የሚጻፉት ከድርደራው በኋላ ነው። ቀድማችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ብትደረድሩ ቀመሮቹ የሚጠቅሱት ረድፍ ይዛባል።

```
F2: =D2*E2
G2: =SUM(F$2:F2)/SUM(F$2:F$1201)
H2: =IF(N(G1)<0.8,"ኤ",IF(N(G1)<0.95,"ቢ","ሲ"))
```

ሦስቱንም እስከ 1201ኛው ረድፍ ጎትቱ። H የሚመለከተው ከላዩ ያለውን ረድፍ ስለሆነ ድንበር የሚያቋርጠው ዕቃ በራሱ ወደ ላይኛው ደረጃ ይገባል።

ውጤቱን ከማመናችሁ በፊት የመጀመሪያዎቹን 20 ረድፎች በዓይናችሁ እለፉ። ምደባን በአብዛኛው የሚያበላሸው የመለኪያ አሃድ ነው። ዘይት በ208 ሊትር በርሜል ይገዛል፣ በሊትር ይወጣል። አንድ ሰው 4,000 ሊትሩን በበርሜሉ ዋጋ በ93,600 ቢያባዛው 374 ሚሊዮን ብር ይመጣል። ዘይት ብቻውን ከ98 በመቶ በላይ ይይዝና ጎማ እንኳ ሲ ይሆናል። በተቃራኒው በካርቶን የሚወጣ ዕቃ በፍሬ ዋጋ ከተባዛ ከዝርዝሩ ግርጌ ይደበቃል፤ ይህን ማየት ይከብዳል። መፈተሻው የF ድምር ነው። ከሂሳብ ክፍል የዓመቱን መነሻ ንብረትና ግዢ ደምሩ፣ መዝጊያውን ቀንሱ። የዋጋው መሠረት ስለሚለያይ ልክ በልክ አይገጥምም፤ እጥፍ ወይም ግማሽ ከሆነ ግን አንድ ቦታ አሃድ ተሳስቷል።

ዓመቱን ሙሉ ምንም ወጪ የሌለውን ዕቃ ሲ አትበሉት። ቀመሩ ዜሮ ስለሚሰጠው ወደ ግርጌ ይወርዳል እንጂ ብዙ ገንዘብ አስሮ የተቀመጠ ሊሆን ይችላል፤ ድርጅቱ የሸጠው መኪና መለዋወጫ ብዙ ጊዜ እዚህ ይገኛል። ለብቻው «የማይንቀሳቀስ» ብላችሁ አውጡት፣ በዓመት አንዴ ቁጠሩት፣ በዚያው ቀሪውን በብር አስልታችሁ ለሽያጭ ወይም ለማስወገድ ውሳኔ አቅርቡት።

ፖምፓውን ልብ በሉ። በነጠላ ዋጋ ከዝርዝሩ ሁሉ ውዱ ነው፣ ነገር ግን በዓመት ሁለት ብቻ ስለሚወጣ ሲ ሆኗል። ቀመሩ አልተሳሳተም። ነገር ግን አንዱ ቢጠፋ 55,000 ብር ነው፣ በአንድ ሰው እጅም ይወጣል። እንዲህ ያለውን በእጅ ወደ ኤ አሳድጉና ቁልፍ ያለው ቦታ አስቀምጡ፤ ሁለት ሦስት ፍሬ ለመቁጠር ደቂቃ አይፈጅም። ሲቀየር ምክንያቱን በአጠገቡ ዓምድ ጻፉ፣ አለበለዚያ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሰው ስህተት መስሎት ይመልሰዋል።

ቺንጋ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ሲጠፋ መኪና ያቆማልና ኤ ይሁን የሚል ክርክር ከጋራዥ ይመጣል። አልስማማም። የ800 ብር ዕቃን በየሩብ ዓመቱ መቁጠር መኪናውን አያስነሳውም፤ የሚያስነሳው ሁልጊዜ ጥቂት መጠባበቂያ መኖሩ ነው። «ወሳኝ» የሚል ምልክት በሌላ ዓምድ ስጡት፣ የትዕዛዝ መነሻ መጠኑን ከፍ አድርጉ፣ ሲ ሆኖ ይቀጥል። የሥራ አስፈላጊነትን ከገንዘብ ደረጃ ጋር ያቀላቀለ ስቶር ዞሮ ዞሮ ግማሹን ዕቃ ኤ ያደርጋል፤ ያኔ ምደባው የለም ማለት ነው።

አሁን ቆጠራው። ከ1,200ው 150ው ኤ፣ 300ው ቢ፣ 750ው ሲ ሆነ እንበል። ኤን በዓመት አራቴ፣ ቢን ሁለቴ፣ ሲን አንዴ ብትቆጥሩ 600፣ 600 እና 750፣ በጠቅላላው 1,950 ቆጠራ ይሆናል። ለ250 የሥራ ቀን ሲካፈል በቀን 8 ዕቃ ነው። ኤን በየወሩ ልቁጠር ካላችሁ በቀን ወደ 13 ይደርሳል፤ ለሁለት ሰው ከባድ ስለሆነ በሩብ ዓመት ጀምሩ። ሥራ ሲበዛና ቀን ሲዘለል የሚቀረው ሲ ይሁን እንጂ ኤ አይሁን። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ተገላቢጦሹ ነው፣ አምፑል መቁጠር ጎማ ከማገላበጥ ይቀላልና።

የምትቆጥሩት ጠዋት፣ ወጪ ሳይጀመር ነው። የትናንቱ ገቢና ወጪ ሁሉ ካርድ ላይ መወራረሱን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ልዩነት ተብሎ ከሚመዘገበው ብዙው ያልተወራረሰ ደረሰኝ ነው። የቆጠራ ወረቀቱ ላይ ኮድ፣ ስም፣ አሃድና ቦታ ይኑር፣ ቀሪው አይጻፍ። ቀሪውን እያየ የሚቆጥር ሰው ቁጥሩን ወደ ወረቀቱ ይጎትተዋል። ከሁለታችሁ ዕቃውን የሚያስረክበው አይቁጠር፤ ካርድ የሚይዘው ይቁጠር። ለኤ ግን በሳምንት አንድ ቀን ከሂሳብ ክፍል ሰው ይላክ ብላችሁ ጠይቁ።

ልዩነት ከተገኘ ካርዱን በዚያው ቀን አታስተካክሉ። መጀመሪያ ያልተወራረሰ ደረሰኝ፣ ቀጥሎ አሃድ፣ ከዚያ ሁለተኛ ቦታ፣ በመጨረሻ ተመሳሳይ ኮድ ፈልጉ። የዘይት ፊልትሮ አምስት ጎድሎ የናፍጣው አምስት ከበለጠ የወጣው በተሳሳተ ኮድ ነው። ካልተገኘ ሌላ ሰው ይድገመው፤ ማስተካከያው በኃላፊ ፊርማ ይግባ። በፍሬ ለሚቆጠር ኤ የሚፈቀድ ልዩነት ዜሮ ይሁን። በዘንግ ለሚለካ ዘይት 1 በመቶ ያህል፣ በሚዛን ለሚቆጠር ቡሎን እስከ 5 በመቶ ፍቀዱ። ያለዚያ ለ30 ብር ቡሎን ግማሽ ቀን ትፈልጋላችሁ።

ወርሃዊ ሪፖርት ላይ ትርፍና ጉድለትን በብር አታጣፉ። የአንድ ባትሪ ጉድለት በ30 ፊልትሮ ትርፍ ተሸፍኖ «ልዩነት ዜሮ» ይባላል፣ ሁለቱም ችግር ግን አለ። ከተቆጠሩት ስንቱ በተፈቀደው ውስጥ ትክክል ሆኖ ተገኘ የሚለውን ለየደረጃው ለብቻ ጻፉ።

የሰኔው ቆጠራ በዚህ ብቻ ይቀራል አትበሉ። ኦዲተሩ ዓመቱን ሙሉ የተያዘውን የቆጠራ መዝገብ ይቀበል እንደሆነ ዓመቱ ሳይጀመር መጠየቅ አለበት፤ ከተቀበለም አንድ ሙሉ ዓመት ያልተቋረጠ ወረቀት ማየት ይፈልጋል። በመንግሥት ንብረት ከሆነ የዓመቱ ቆጠራ ግዴታ ስለሆነ ይቀጥላል። ምደባውን በየሐምሌው አዲስ አውጡ። በየወሩ ከቀያየራችሁት ዕቃው ከደረጃ ደረጃ እየዘለለ ሳይቆጠር የሚከርም ይኖራል። ከዓመቱ አጋማሽ ላይ የሚነካው ዋጋው በድንገት የተለወጠና አዲስ የገባ ዕቃ ብቻ ነው፤ አዲሱን የሦስት ወር ወጪውን በአራት አባዝታችሁ ለጊዜው መድቡት።